ባለ ውሉ ድምፁን ቢያጠፋ ውሉ እንዴት ይፈታል?

(ጎንደር ላይ ለነጋዴዎች፣ ለእጅ ባለሙያዎችና ለአከራዮች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ጠበቃ አይደለሁም። ጋዜጠኛ ነኝ። ችሎት ለችሎት ስዞር ግን አንድ ዓይነት ሰው ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ተዋውሏል፣ ገንዘብ ሰጥቷል፣ ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የለም። ስልክ ሲደውል ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ብቻ ናት የምትመልስለት። ቤቱ ሲሄድ በሩ ዝግ ነው። ጎረቤት ሲጠይቅ አንዱ «መተማ ወርዷል» ይለዋል፣ ሌላው «አዲስ አበባ ነው» ይለዋል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ያየዋል። ሰውየው ታዲያ ከእስራቱ እንዴት ይውጣ? ውሉ ይዞታል፤ የያዘው ሰው ግን የለም።

ነገሩን ከሜዳ ላይ እንዳናወራው አንድ ጉዳይ እንያዝ። የማንም ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለምሳሌ ያህል እኔው የሠራሁት ነው። አንዲት የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ እህታችን ከአንድ የዳባት እህል አቅራቢ ጋር ኅዳር 5 ቀን ይዋዋላሉ እንበል። ነገሩ የብቅል ገብስ ነው። ወገራና ዳባት፣ ደባርቅም ጭምር፣ ደጋው ገብስ እንደሚያበቅል፣ እዚህ ከተማም ብቅል ፋብሪካና ቢራ ፋብሪካ እንዳለ ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ውሉ 50 ኩንታል ነው፤ ኩንታሉ በ5 ሺህ ብር፣ ጠቅላላው 250 ሺህ። እሷ 100 ሺህ ብር አስቀድማ ከፈለች። አቅራቢው እስከ ጥር 30 ቀን ጎንደር መጋዘኗ ድረስ አምጥቶ ሊያስረክብ፣ ቀሪው 150 ሺህ በርክክቡ ዕለት ሊከፈል ተፈራረሙ። ጥር 30 አለፈ። የካቲት 10 ሆነ። ገብስም የለም፣ ሰውም የለም፣ ስልኩም ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውን አያውቅም። አንዳንዱ ወደ ፖሊስ ይሮጣል፤ እዚያም «ይህ የፍትሐ ብሔር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂድ» ይባላል። ለነገሩ እውነት ነው፤ ውል አለመፈጸም በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሰውየው ከመነሻውም ሊያታልል አስቦ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር ሲኖር ነው ወንጀል የሚሆነው። ሦስተኛው ደግሞ «ጠፍቷል፣ ስለዚህ ውሉ ፈርሷል» ብሎ በገዛ እጁ ይፈርድና በዚያው ገንዘብ ከሌላ ሰው ይገዛል። ከሦስቱ አደገኛው ይኸኛው ነው። ለምን ብትሉኝ፣ የካቲት 25 ቀን ያ ሰው 50 ኩንታል ገብስ በአይሱዙ ጭኖ መጋዘኑ በር ላይ ቢቆምስ? «ታምሜ ነበር፣ ይኸው ገብስሽ፣ 150 ሺዬን አምጪ» ቢላትስ? እሷ በሕግ ዓይን ገና ውሉን አልሰረዘችም። አሁን ውል አፍራሿ እሷ ሆና ቁጭ አለች!

ዝምታ ለራሱ ትርጉም የለውም። ሽማግሌዎቻችን ዝም ያለን ሰው እንደተስማማ አድርገው የሚያዩበት ጊዜ አለ። ሕጉ ግን ይህንን አልተቀበለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ላይ ለቀረበለት ሐሳብ ዝም ያለ ሰው ተቀብሏል አይባልም ይላል። የኛ ሰውዬ ዝምታም እንዲሁ «ውሉን ትቼዋለሁ» ማለት አይደለም፣ «እፈጽማለሁ» ማለትም አይደለም። ዝምታውን ወደ ሕጋዊ ነገር የሚለውጠው የሌላው ወገን ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ይባላል።

ቁጥር 1772 ነገሩን በግልጽ ያስቀምጠዋል። ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ መከራከር የሚቻለው አስቀድሞ «ግዴታህን ፈጽም» ብሎ ካስጠነቀቁት በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰውየው እንዲፈጽም መፈለግህን በሚያሳይ በሌላ ማናቸውም ድርጊት ሊሆን ይችላል። ጊዜው ሳይደርስ ግን አይሰጥም። ስለዚህ እህታችን ጥር ላይ «ይህ ሰው ነገረ ሥራው አላማረኝም» ብላ የምትጽፈው ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ አይባልም። ከጥር 30 በኋላ ነው ቀኗ።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ውሉ ራሱ «ቀኑ ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል» ካለ አያስፈልግም። ሰውየው «አልፈጽምም» ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀም አያስፈልግም። ሥራው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ከሆነም እንዲሁ፤ ለጥር 20 ሠርግ የታዘዘ ድንኳን ጥር 25 ቢመጣ ለማን ሊተከል ነው? ገብስ ግን እንዲህ አይደለም። «እስከ ጥር 30 ያስረክባል» የሚል ቃል ብቻውን «ከዚያ በኋላ ገብስ አልቀበልም» ማለት መሆኑ ያከራክራል። የሚያከራክር ከሆነ ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ መገላገል ነው፤ የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።

ደብዳቤው ምን ይበል? ረጅም መሆን የለበትም፤ ስድብም አያስፈልገውም። እንዲህ ቢል ይበቃል፦

«ኅዳር 5 ቀን በተዋዋልነው መሠረት 50 ኩንታል የብቅል ገብስ እስከ ጥር 30 ቀን ጎንደር መጋዘኔ ድረስ አምጥተው ሊያስረክቡኝ ሲገባ አላስረከቡም። ቀሪውን 150 ሺህ ብር በርክክቡ ዕለት ለመክፈል ዝግጁ ነኝ። እስከ መጋቢት 5 ቀን ድረስ እንዲያስረክቡኝ እያስጠነቀቅሁ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ርክክቡን የማልቀበልና ውሉን የምሰርዝ መሆኔን፣ የከፈልኩትን 100 ሺህ ብርና የደረሰብኝን ኪሣራ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።»

ሦስት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ «ቀሪውን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ» የሚለው ለጌጥ አልገባም። የራሱን ድርሻ ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽም ሊል አይችልም። ሁለተኛ፣ ቀነ ገደቡ በቁጥር 1774 መሠረት እንደ ጉዳዩ ዓይነት ተገቢ መሆን አለበት። የካቲት 12 ተጽፎ መጋቢት 5 ድረስ ጊዜ መስጠት ከዳባት ገብስ ለመጫን በቂ ነው፤ «በ24 ሰዓት ውስጥ» ማለት ግን ፉከራ ነው፣ ዳኛ ፊት አይቆምም። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይህ ነው፤ «ደብዳቤው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን» ተብሎ አይጻፍም። ሰውየው እኮ ጠፍቷል! ደብዳቤው መቼ ደረሰው? ማን ያውቃል? መቁጠሪያው የማይጀምር ገደብ ይሆናል። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያ ቀን ነው የሚጻፈው።

የማይገኝን ሰው ታዲያ እንዴት ነው የሚያስጠነቅቁት? መልሱ በሚቻለው መንገድ ሁሉ ነው፣ ከእያንዳንዱም ማስረጃ ይዞ። በውሉ ላይ የተጻፈው አድራሻ ይቀድማል። በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላካል፤ ደረሰኙ ይቀመጣል። ደረሰኙ መላኩን እንጂ መድረሱን አያስረዳምና በዚያ ብቻ አይታመኑ። ከተቻለ ዳባት ድረስ ሁለት ሰው ይዞ መሄድ፣ ለሚስቱ ወይም በቤቱ ለሚገኝ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው መስጠትና አስፈርሞ መመለስ ነው። አልፈርምም ካሉ ምስክሮቹ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ቅጂው ላይ ይፈርሙ። በቀበሌውም በኩል ቅጂ ማስገባት አይከፋም። በስልኩም አጭር መልእክት ይላክ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለእንዲህ ዓይነቱ መልእክት ዕውቅና ሰጥቶታል። መልእክቱ ከስልኩ አይጠፋ፤ ስልክ ሲቀየር አብሮ የሚቀበር ማስረጃ ስንቱን አይቻለሁ! ዳኛው በመጨረሻ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «አሳውቀሽዋል ወይ?» ነው የሚለው። አራት መንገድ ሞክራ አንዱም መልስ ያላመጣላት ሴትና አንድ ቀን ደውላ የተወች ሴት እኩል አይታዩም።

መጋቢት 5 አለፈ እንበል። አሁን ቁጥር 1787 ይሠራል። በማስጠንቀቂያ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ያስጠነቀቀው ወገን ፍርድ ቤት ሳይሄድ ራሱ ውሉን መሰረዝ ይችላል። መጋቢት 6 ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ «በሰጠሁዎት ጊዜ ስላላስረከቡ ውሉን ከዛሬ ጀምሮ ሰርዣለሁ» ትላለች፤ በዚያው በፊተኛው መንገድ ሁሉ ትልካለች። ከዚያ ወዲያ ከሌላ ሰው ገብስ ብትገዛ ማንም አይከሳትም። አይሱዙው ቢመጣም በመጣበት ይመለሳል።

ይህንን ሁለተኛ ደብዳቤ ስትጽፉ ስለ ቀብድ አንድ ጠንቀቅ የምትሉበት ነገር አለ። በኛ አገር አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ሁሉ በአፍ «ቀብድ» ይባላል። በሕጉ ግን ቀብድ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለ ደግሞ እጥፍ መልሶ መውጣት ይችላል። እንግዲህ ውሉ ላይ 100 ሺው «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ፣ እህታችን «ውሉን ትቼዋለሁ» ብላ በባዶው ብትጽፍ፣ ያ ሰው ነገ ተነሥቶ «በፈቃዷ ወጣች፣ ስለዚህ ቀብዷን ለቃለች» ሊል ይችላል። «እርስዎ ባለመፈጸምዎ ምክንያት» የምትለው ቃል 100 ሺህ ብር ታወጣለች ማለት ነው። ውል ስትጽፉም ቀብድ ካልሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» በሉት፣ ቀብድ ከሆነም ቀብድ መሆኑን አውቃችሁ በሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ሰውየው ለምን ጠፋ? በ2013 ዓ.ም. ነሐሴና ጳጉሜን የጦርነቱ እሳት ዳባት ወረዳ ድረስ ሲገባ፣ የጭና ሕዝብ ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ሰሞን ስልክ ያላነሳ ሰው ዕዳ ሸሽቶ ነው ማለት ይቻላል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ሲከፈት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ፤ መንገድም በየጊዜው ይዘጋ ነበር። ሕጉ ይህን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ይለዋል። የእርስ በርስ ጦርነት፣ የባለ ዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የገብስ ዋጋ መናር ግን አይገባም። «ገብስ 5 ሺህ ስዋዋል ነበር፣ አሁን 5 ሺህ 600 ሆነ፣ ስለዚህ ጠፋሁ» የሚል ሰው በዚህ አያመልጥም።

ታዲያ መንገድ የተዘጋበት ሰው ውሉ አይሰረዝበትም? ይሰረዛል። ብዙ ሰው የሚደባልቀው ይህንን ነው። ውልን ለመሰረዝ የሌላው ጥፋተኛ መሆን ግዴታ አይደለም፤ መፈጸሙ የማይቻል ከሆነና የውሉን መሠረት ከነካው መሰረዝ ይቻላል። ኪሣራ ሲጠየቅም ባለ ዕዳውን ነፃ የሚያወጣው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንጂ «ጥፋት የለብኝም» ማለት አይደለም። ስለዚህ ውሉ ሲፈርስ ሁለቱም ወገን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት እንዲመለሱ ስለሚደረግ 100 ሺው በየትኛውም መንገድ ይመለሳል። በገበያ ዋጋ ልዩነት የመጣው ኪሣራ፣ በኩንታል 600 ብር ለ50 ኩንታል 30 ሺህ ብር፣ የሚጠየቀው ግን ሰውየው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ካልከለከለው ነው። ያን ጊዜ ከሌላ የገዛችበት ደረሰኝ ያስፈልጋታል፤ ገንዘቡ በእጁ ለቆየበትም ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ከአቅም በላይ ነገር የገጠመው ሰው ደግሞ ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መንገዱ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲሠራ ድምፁን ያላሰማ ሰው ምክንያቱ እያደር ይሳሳል።

ሰውየው ሞቶ ከሆነ ዕዳው ወደ ወራሾቹ ይሄዳልና ደብዳቤው ለእነሱ ይጻፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው ደግሞ በፍርድ ቤት መጥፋቱ ሊወሰንለት ይችላል፤ ይህ ለንብረቱና ለቤተሰቡ ነገር ነው የሚጠቅመው። ውል ለመሰረዝ ሁለት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

ድርጅት ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2005 ዓ.ም. የአክሰስ ሪል እስቴት መሥራች ኤርሚያስ አመልጋ ከአገር ሲወጡ ገንዘብ ከፍለው ቤት ይጠብቁ የነበሩ፣ ቁጥራቸው በሺህ የሚቆጠር ሰዎች ዓይናቸውን ያሳረፉት ሰውየው ባሉበት አገር ላይ ነበር። ሰውየው በኋላ ተመልሰዋል። ነገር ግን ቤት ሊሠራ የተዋዋለው አክሲዮን ማኅበሩ ነው፤ ማኅበር አውሮፕላን አይሳፈርም። ሥራ አስኪያጁ ጠፋ ማለት ተዋዋዩ ጠፋ ማለት አይደለም። ደብዳቤው በንግድ መዝገብ ላይ በተመዘገበው ዋና መሥሪያ ቤት አድራሻ፣ በድርጅቱ ስም ይሄዳል።

አንድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል፤ ዋሱ! ባለ ዕዳው ቢጠፋ ዋሱ እዚሁ አለ፣ ቅዳሜ ገበያ መጥቶ ሲገዛ ይታያል። የማስጠንቀቂያው ቅጂ ለእርሱም ይድረሰው። ነገር ግን ዋስትናው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የተዋሰበትም ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ተለይቶ መጻፍ አለበት። «ለአቶ እገሌ ዋስ ነኝ» የሚል ብቻ፣ መጠኑ ያልተጠቀሰበት ፊርማ በቁጥር 1922 መሠረት ዋጋ የለውም። ስንት ሰው ነው ይህን ወረቀት በጓዳው ሰቅሎ የሚተማመነው!

ለአከራዮች በአጭሩ። ተከራይ ቁልፍ ቆልፎ ሲጠፋ ቁልፉን ሰብራችሁ ዕቃውን ውጪ አታውጡ። ነገ መጥቶ «ወርቅ ነበረኝ» ቢል ምን ትሉታላችሁ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኪራዩ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ከዚያ በታች ከሆነ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥታችሁ ታስጠነቅቃላችሁ፤ ቤቱ የሚከፈተው ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራበት ከተማ ደግሞ የራሱ ደንብ ስላለው አስቀድማችሁ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

አሁን ውሉ ተሰርዟል። 100 ሺው ግን በደብዳቤ አይመጣም። እህታችን ክስ ትመሠርታለች፤ ርክክቡ ጎንደር እንዲሆን ስለተዋዋሉ ዳባት ድረስ መመላለስ የለባትም፣ እዚሁ መክሰስ ትችላለች። የማይገኝ ተከሳሽ መጥሪያ እንዴት ይደርሰዋል? የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 105 መልስ አለው። በተራው መንገድ መስጠት እንዳልተቻለ ፍርድ ቤቱ ሲያምን፣ መጥሪያው በፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳና መጨረሻ በኖረበት ቤት ላይ እንዲለጠፍ ወይም በሌላ ዳኛው ተስማሚ ነው ባለው መንገድ እንዲደርስ ያዛል። በአዲስ ዘመን የኋላ ገጾች የምታዩት «ተከሳሽ ቀርበህ መልስ ስጥ» የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ ነው የሚመጣው። በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ እሷ ግን ውሉን፣ የከፈለችበትን፣ ሁለቱን ደብዳቤዎች አቅርባ ማስረዳት አይቀርላትም።

እዚህ ላይ ብልጥ ነን የሚሉ ከሳሾች የሚሠሩት ሥራ አለ። ሰውየው ያለበትን እያወቁ «አድራሻው አይታወቅም» ብለው በጋዜጣ ያስጠሩታል፤ ያንን ጋዜጣ እንደማያነብ ያውቃሉ። በሌለበት ያስፈርዱበታል። ታዲያ ቁጥር 78 እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ መጥሪያው በትክክል እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ካስረዳ ፍርዱ ተነሥቶ ክርክሩ እንደገና ይጀመራል። የሁለት ዓመት ልፋት እንዲህ ነው የሚፈርሰው። በአራት መንገድ የተላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እዚህም ይጠቅማል፤ ያልተፈለገ ሰው እንዳልሆነ ያስመሰክራል።

ፍርዱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው አፈጻጸም ነው። ሰውየው ቢጠፋም ንብረቱ አብሮ አልጠፋ ይሆናል፤ ቤት፣ የጭነት መኪና፣ በባንክ ያለ ገንዘብ ይኖረው ይሆናል። ንብረቱን እያሸሸ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለ ደግሞ ፍርዱ ሳይሰጥ፣ ገና ክሱ ሲገባ ንብረቱ እንዲታገድ መጠየቅ ይቻላል፤ ከተሸጠ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። ምንም ካልተገኘም ፍርዱ ወዲያው አይሞትም፤ አፈጻጸም ለመጠየቅ 10 ዓመት አለ። ሰውየው በዘጠነኛው ዓመት ዳባት ተመልሶ መጋዘን ቢከፍት፣ እህታችን ያንን የፍርድ ግልባጭ ይዛ መጋዘኑ በር ላይ ልትቆም ትችላለች።